በበይነ መረብ ፍለጋ ላይ ትንሽ የከፈለ እንዴት ከላይ ይቀመጣል?

በሰሜን ኬንያ በምትገኘው ዋልዳ የሚኖር አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ለሚጓዝ ዘመዱ ማደሪያ ይፈልጋል እንበል። ስልኩን አውጥቶ ጉግል ላይ “አልጋ በሞያሌ” ብሎ ይጽፋል። ውጤቱ ተዘርግቶ እስኪታየው ድረስ ባለችው ቅጽበት ውስጥ ጨረታ ተካሂዶ ያበቃል። የሚጫረቱት በገጹ አናት ላይ መታየት የሚፈልጉ አስተዋዋቂዎች ናቸው። አሸናፊው የሚከፍለው ግን ማስታወቂያው ስለታየ አይደለም፤ ፈላጊው ጠቅ አድርጎ ሲገባለት ብቻ ነው።

ብዙዎች ከላይ የሚቀመጠው ብዙ ገንዘብ ያቀረበው ነው ብለው ያስባሉ። የጨረታው አሠራር ግን ከዚህ ይለያል። አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ትልቁን ሆቴል በልጦ፣ ከዚያም አልፎ ለአንድ ጠቅታ ያነሰ ገንዘብ ሊከፍል ይችላል።

ሦስት ተጫራቾች፣ አንድ ቦታ

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቀላል። በሞያሌ ሦስት ማረፊያዎች ለዚህ ፍለጋ ይወዳደራሉ እንበል። ትልቁ ሆቴል ለአንድ ጠቅታ እስከ 20 የኬንያ ሽልንግ ለመክፈል ዝግጁ ነው። መካከለኛው ሆቴል እስከ 15 ሽልንግ፣ ጥቂት ክፍሎች ብቻ ያሉት የእንግዳ ማረፊያ ደግሞ እስከ 12 ሽልንግ ያቀርባሉ።

የሁለቱ ሆቴሎች ማስታወቂያ ስለ ድርጅታቸው በጥቅሉ የሚናገር ነው፤ መቶ ሰዎች ቢያዩት አራቱ ብቻ ጠቅ ያደርጉታል ተብሎ ይገመታል። የእንግዳ ማረፊያው ማስታወቂያ ግን በሞያሌ በኬንያ በኩል አልጋ መኖሩን፣ የአዳሩን ዋጋና የመኪና ማቆሚያ እንዳለው በግልጽ ይናገራል። ይህን ከመቶ ሰዎች ስምንቱ ይከፍቱታል ተብሎ ይጠበቃል።

የመፈለጊያው ባለቤት የሚሸጠው የገጹን ቦታ ስለሆነ የሚያሰላው ቦታው ስንት እንደሚያስገኝ ነው። ትልቁ ሆቴል መቶ ጊዜ ቢታይ አራት ጠቅታ በ20 ሽልንግ ሲባዛ 80 ይሆናል። መካከለኛው አራት ጠቅታ በ15፣ ማለትም 60 ነው። የእንግዳ ማረፊያው ስምንት ጠቅታ በ12፣ ማለትም 96 ይደርሳል። ስለዚህ ከሁሉ ዝቅተኛውን ዋጋ ያቀረበው አንደኛ ይወጣል።

ዋጋው ከየት ይመጣል?

አሸናፊው ያቀረበውን 12 ሽልንግ ሙሉውን አይከፍልም። በጥንታዊው ስሌት መሠረት የሚከፍለው ከበታቹ ያለውን ተወዳዳሪ ለመብለጥ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው። ከበታቹ ያለው የትልቁ ሆቴል ውጤት 80 ነው። ይህ ለእንግዳ ማረፊያው ስምንት ሲካፈል 10 ሽልንግ ይሆናል፤ እጅግ ጥቂት ሳንቲም ሲታከልበት የአንድ ጠቅታ ዋጋው ያ ነው።

ሁለተኛ የወጣው ትልቁ ሆቴል ደግሞ የመካከለኛውን 60 ለራሱ አራት ያካፍላል። ውጤቱ 15 ሽልንግ ነው። ከታች የተቀመጠው ከላይ ካለው በላይ ከፈለ ማለት ነው።

የእንግዳ ማረፊያው 10 ሽልንግ ስምንት ጊዜ ሲከፈል ድምሩ 80 ይሆናል፤ ይህም ትልቁ ሆቴል በዚያው ቦታ ያቀረበው ገንዘብ ነው። ስለዚህ አስተዋዋቂው የሚከፍለው ከቦታው ያስነሳውን ተወዳዳሪ ዋጋ ነው። ሰዎች የሚከፍቱት ማስታወቂያ ያንን ዋጋ ለብዙ ጠቅታዎች ስለሚያካፍል እያንዳንዱ ጠቅታ ይረክሳል።

የእንግዳ ማረፊያው ማስታወቂያም እንደ ሌሎቹ ከመቶ አራት ሰው ብቻ ቢስብ ኖሮ ውጤቱ 48 ሆኖ ሦስተኛ ይወጣ ነበር። አንደኛ ለመሆን ከ20 ሽልንግ በላይ ማቅረብ፣ ለእያንዳንዱ ጠቅታም 20 ሽልንግ ገደማ መክፈል ግድ ይሆንበት ነበር። በ1000 ሽልንግ በጀት ሲታይ ልዩነቱ 50 ጎብኚ ወይም 100 ጎብኚ የማግኘት ነው።

ከቀድሞው ጨረታ የተወሰደ ትምህርት

በ1998 በቢል ግሮስ የተጀመረው ጎቱ ዶት ኮም የፍለጋ ቦታዎችን በጨረታ ሲሸጥ ደረጃውን የሚወስነው ገንዘብ ብቻ ነበር፤ አሸናፊውም ያቀረበውን በሙሉ ይከፍል ነበር። በዚህ የተነሳ አስተዋዋቂዎች ዋጋቸውን ከተፎካካሪያቸው በአንድ ሳንቲም ብቻ ከፍ ለማድረግ ሲሉ ቀን ከሌት ይቀያይሩት ጀመር። ጉግል በየካቲት 2002 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባወጣው አሠራር ግን የጠቅታ ግምት ከዋጋው ጋር እንዲባዛ፣ ክፍያውም በተከታዩ ተወዳዳሪ እንዲወሰን አደረገ።

ዛሬ ጥራት ሲባል ሦስት ነገሮችን ያጠቃልላል፦ ማስታወቂያው ጠቅ የመደረግ ዕድሉን፣ ከተፈለገው ነገር ጋር ያለውን ግንኙነት፣ እንዲሁም ሰውየው ጠቅ አድርጎ የሚደርስበትን ገጽ ሁኔታ። አስተዋዋቂው በመለያው ውስጥ ከ1 እስከ 10 የሚሰጥ የጥራት ነጥብ ያያል፤ ሦስቱም እያንዳንዳቸው ከአማካይ በታች፣ አማካይ ወይም ከአማካይ በላይ ተብለው ይመዘናሉ። ይሁንና ነጥቡ ችግሩ የት እንዳለ የሚያመለክት ምርመራ እንጂ ጨረታው ውስጥ የሚባዛው ቁጥር አይደለም። ጨረታው በእያንዳንዱ ፍለጋ ላይ፣ ፈላጊው ያለበትን ቦታና የሚጠቀምበትን መሣሪያ ጭምር አይቶ ጥራቱን እንደ አዲስ ይገምታል።

ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር የተከፈለች ከተማ በመሆኗ ስሕተቱ የት ሊፈጠር እንደሚችል ጥሩ ምሳሌ ናት። በኬንያ በኩል ያለ ማረፊያ በኢትዮጵያ በኩል ለሚያድር ሰው ከታየ ጠቅታ የማግኘት ዕድሉ ይቀንሳል። “የሞያሌ ዜና” ብሎ ለፈለገም እንዲሁ ነው። የጠቅታ ግምቱ “ከአማካይ በታች” ከሆነ ማስታወቂያው የሚታይበትን ቦታና ቃላት መመርመር ያስፈልጋል። የገጹ ሁኔታ ዝቅ ካለ ደግሞ ገጹ በደካማ ኔትወርክ ቶሎ የማይከፈት ወይም የአልጋውን ዋጋ የማይናገር ሊሆን ይችላል።

ጥራት የማያድነው ነገር

የተሻለ ማስታወቂያ ዋጋን ለዘለቄታው አያስቀርም። በምሳሌው ትልቁ ሆቴል ያቀረበውን ወደ 23 ሽልንግ ቢያሳድግ ውጤቱ 92 ይሆናል፤ የእንግዳ ማረፊያውም ምንም ሳይለውጥ 11 ሽልንግ ከ50 ሳንቲም ይከፍላል። ተወዳዳሪ ባይኖርም ጉግል የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ መነሻ አለ፤ ከዚያ በታች ማስታወቂያው አይታይም።

መነሻውንና ስሌቱን የሚወስነው ደግሞ ጨረታውን የሚመራው ኩባንያ ራሱ ነው። በአሜሪካ መንግሥት ክስ ላይ በመስከረም 2023 የመሰከሩት የጉግል የማስታወቂያ ኃላፊ ጄሪ ዲሽለር፣ ኩባንያው በጨረታው ላይ ባደረገው ማስተካከያ ዋጋ በተለምዶ 5 በመቶ፣ ለአንዳንድ ፍለጋዎችም 10 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ሊሆን እንደሚችል ተናግረዋል። ዳኛ አሚት ሜህታ በነሐሴ 2024 በሰጡት ውሳኔ ጉግል በፍለጋ ገበያው ላይ ያለውን የበላይነት በሕገ ወጥ መንገድ ጠብቋል ብለዋል።

በመሆኑም የማረፊያው ባለቤት በእጁ ያለው የማስታወቂያው ቃልና የገጹ ይዘት ነው። እነሱ ሲሻሻሉ፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ሂሳቡ ይቀልለታል። ተፎካካሪው የሚያቀርበው ገንዘብና የጨረታው ደንብ ግን ከእሱ ቁጥጥር ውጭ ናቸው። በተጨማሪም ጠቅታ ማለት የተያዘ አልጋ ማለት አይደለም፤ ክፍሎቹ በሞሉበት ምሽት ማስታወቂያውን ያላቋረጠ ሰው ለማያሳድረው እንግዳ 10 ሽልንግ ይከፍላል።