አንድ ደረሰኝ፣ ሁለት ፎቶ፣ ሁለት ክፍያ

የማሾና የጤፍ ዋጋ እንደተለመደው ማታ ይለቀቃል። አሁን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን ላንሳ፤ አንድ ደረሰኝ በተለያየ ፎቶ ሁለት ጊዜ ሲላክ እንዴት ይታወቃል? እኔ ራሴ ከፍዬ የተማርኩት ስለሆነ ከዚያ ልጀምር።

ከሐይቅም ሆነ ከውጫሌ ጭነት ስናወጣ ወረቀቱን ለገዢው የምንልከው በቴሌግራም ነው። ዋናው ወረቀት በመኪናው ወይም ከሳምንት በኋላ በሰው እጅ ይደርሳል። ገንዘቡ ግን በፎቶው ይለቀቃል። ክፍያው የሚወጣው በወረቀቱ ሳይሆን በምስሉ ነው ማለት ነው። ወረቀት አንድ ነው፣ ምስሉ ግን የፈለገውን ያህል ሊባዛ ይችላል።

በ2017 ጥር ላይ 60 ኩንታል ማሾ ከውጫሌ ወደ አዲስ አበባ ጫንን። ኪራዩ በኩንታል 400፣ በድምሩ 24,000 ብር ነበር (ቁጥሮቹን ለማስረዳት ትንሽ ቀይሬያቸዋለሁ)። ረዳቱ ደረሰኙን ጋቢና ውስጥ፣ በምሽት፣ በመብራት አነሳው፤ ጥላ ያረፈበትና ጠርዙ የተቆረጠ ፎቶ ነበር። ለገዢው አስተላለፍኩ፣ ተከፈለ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የመኪናው ባለቤት ሂሳብ ያዥ ወር ስትዘጋ የቀረውን ቅጂ በስልክ ስካነር አንስታ፣ ነጭና ጥርት ያለ ፒዲኤፍ አድርጋ፣ በቀጥታ ለገዢው ፋይናንስ ላከች። እዚያ የተቀመጠው ልጅ አዲስ ደረሰኝ መስሎት ድጋሚ ከፈለ። ሲታወቅ ሁለት ወር አልፎ ነበር። ጭነቱን ያቀረብኩት እኔ ስለሆንኩ ገንዘቡ ከኔ ኮሚሽን ተያዘ። ባለመኪናው በየጭነቱ እየቀነሰ መልሶ ጨረሰ፤ ሌባ አልነበረም። ብዙው ድርብ ክፍያ እንዲህ ነው የሚመጣው፤ «ደርሷል ወይ?» እያለ ድጋሚ ከሚልክ ሰው።

መዝገቡ ለምን አልያዘውም? ሁለቱ መስመሮች እንዲህ ተጽፈው ነበር፦

መጀመሪያ፦ ቁጥር 000482፣ ቀን 12/05/2017፣ 24,000 ብር
ሁለተኛ፦ ቁጥር 482፣ ቀን 20/01/2025፣ 23,520 ብር

ላየው ሰው ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። ግን ጥር 12 ቀን 2017 በፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ነው። 23,520ም ያው 24,000 ነው፤ በወቅቱ የሚቆረጠው 2 በመቶ ዊዝሆልዲንግ፣ 480 ብር፣ ወጥቶለት ነው። አንዱ መዝጋቢ ጠቅላላውን፣ ሌላው የተጣራውን ጻፈ። አንዱ የኛን ቀን፣ ሌላው የፈረንጁን ጻፈ። ቁጥሩ ላይ ደግሞ አንዱ ዜሮዎቹን ዘለላቸው። ማንም ሳያጭበረብር አንድ ወረቀት ሁለት ሆነ።

ፎቶ ከፎቶ ማወዳደር ለምን አይበቃም

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «ፎቶዎቹን የሚያወዳድር ፕሮግራም የለም ወይ?» ነው። አለ። ግን ምን እንደሚያይ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ዓይነት ፋይሉን ራሱን ነው የሚያወዳድረው። ይሄ ለኛ ብዙም አይጠቅምም፤ ቴሌግራም ላይ በፋይል ሳይሆን በፎቶ ስትልኩ ምስሉን ስለሚያሳንሰው፣ ያው ፎቶ እንኳ ስልካችሁ ላይ ካለው የተለየ ፋይል ሆኖ ይደርሳል።

ሁለተኛው ዓይነት መልክ ነው የሚያወዳድረው። ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ይቀይርና ወደ 9 በ 8 ነጥብ ያሳንሰዋል። ከዚያ እያንዳንዱ ነጥብ ከጎኑ ካለው ይበራል ወይስ ይጨልማል ብሎ 64 የአዎ ወይም አይ መልስ ያወጣል። የሁለት ፎቶ መልሶች በጥቂቱ ብቻ ከተለያዩ «አንድ ናቸው» ይላል። ፎቶው ስለተጨመቀ ወይም ትንሽ ስለደመቀ አይታለልም። ለደረሰኝ ግን በሁለቱም በኩል ይሳሳታል። ረዳቱ በጥላ ያነሳውና ሂሳብ ያዧ ስካን ያደረገችው አንድ ደረሰኝ ናቸው፤ ፕሮግራሙ ግን የተለያዩ ናቸው ይላል፣ ምክንያቱም አንዱ ዘመም ያለ፣ ከጀርባው የጋቢናው ወንበር የሚታይ ነው። በተቃራኒው ከአንድ ጥራዝ የወጡ ቁጥር 482 እና 483 ስካን ተደርገው ሲመጡ አንድ ናቸው ሊላችሁ ይችላል፤ አርማው፣ ሰንጠረዡና ርዕሱ አንድ ነው፣ የእጅ ጽሑፉ ደግሞ 72 ነጥብ ውስጥ አይታይም። በዚህ ተማምናችሁ ብትሠሩ ድርቡን ታሳልፋላችሁ፣ ትክክለኛውን ታግዳላችሁ።

ስለዚህ መወዳደር ያለበት ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነው፤ ያውም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ከተመዘገበ በኋላ።

መዝገቡን ማስተካከል

የሻጩ ቲን ቁጥርና የደረሰኝ ቁጥር ሁለቱ አንድ ላይ ወረቀቱን ይለያሉ። ቀንና ብር ለመለያ አይሆኑም፣ ከላይ እንዳያችሁት ይለዋወጣሉ። ኤክሴል ላይ ቲኑን B ላይ፣ የደረሰኝ ቁጥሩን C ላይ አድርጉ። ቲን 10 አኃዝ ስለሆነና ብዙ ጊዜ በዜሮ ስለሚጀምር የB ረድፍ እንደ ጽሑፍ ይያዝ፤ አለበለዚያ ኤክሴል ዜሮውን ይበላዋል። C ላይ አኃዙን ብቻ ጻፉ፤ «ቁ.»ም ሆነ «/17» አይጨመር። ከዚያ F2 እና G2 ላይ ይሄን አስገብታችሁ ወደ ታች ጎትቱ፦

```
F2:  =TRIM(B2)&"|"&VALUE(C2)
G2:  =COUNTIF(F:F,F2)
```

`VALUE` 000482ን ወደ 482 ይመልሰዋል። G ላይ 2 ከወጣ ያ ደረሰኝ ከዚህ በፊት ገብቷል ማለት ነው፤ ክፍያው ይቁም። የኔን ጉዳይ በዚህ ብሠራው ኖሮ ሂሳብ ያዧ በላከችበት ቀን ይታይ ነበር።

ሁለት ቦታ ላይ ተጠንቀቁ። የማሽን ደረሰኝ ሲሆን `FS No.` የሚለው ቁጥር ለብቻው አይበቃም፤ ሁለት ማሽን ያለው ሻጭ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ሊያወጣ ይችላል። ከግርጌ ያለውን የማሽን ቁጥርም ጨምራችሁ መዝግቡ። ሁለተኛው ዩኒየኖችን ይመለከታል። ከገበሬ ስትገዙ በምትቆርጡት የግዥ ማረጋገጫ ደረሰኝ ላይ የታተመው ቲን የራሳችሁ ነው። ሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ስለሆነ የሚለየው የደረሰኙ ቁጥር ብቻ ነው። እዚያ ላይ አንድ አኃዝ የማይነበብ ፎቶ ከመጣ አትገምቱ፣ ድጋሚ አስነሱ።

ቁጥሩ ሳይነበብ ሲቀር ወይም ሲጠረጠር

የማሽን ወረቀት በሙቀትና በፀሐይ ይደበዝዛል፣ የእጁ ደግሞ 1 እና 7 ያምታታል። አንዳንዱም ሆን ብሎ አኃዝ ይቀጥላል። ያን ጊዜ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ከፍታችሁ ማህተሙን ተመልከቱ። ሰው በእጁ የሚመታው ማህተም ሁለት ጊዜ አንድ ቦታ ላይ በትክክል አያርፍም። የማህተሙ ጠርዝ የትኛውን ፊደል ይነካል? ፊርማውን የት ላይ ያቋርጠዋል? ዘመምታውስ? ፎቶው ቢዘምም፣ ቢጨልም፣ ቢቆረጥም ይሄ አይለወጥም። በሁለቱም ላይ ማህተሙ ያንኑ ፊደል በዚያው ቦታ ከነካ፣ ቁጥሩ ምንም ቢል ወረቀቱ አንድ ነው። የስቴፕለር ቀዳዳ፣ የእጥፋት መስመርና የዘይት ጠብታም እንደዚሁ ናቸው።

ግን የተገላቢጦሹ አይሠራም። ማህተሙ የተለያየ ቦታ ስላረፈ ብቻ ደረሰኙ ሁለት ነው አትበሉ። የእጅ ደረሰኝ በካርቦን ስለሚጻፍ ዋናውና ቅጂው አንድ ቁጥርና አንድ የእጅ ጽሑፍ አላቸው፤ ማህተሙ ግን ለየብቻ ነው የሚመታው። የኔም እንደዚያ ነበር፤ ረዳቱ ያነሳው ዋናውን፣ እሷ ስካን ያደረገችው ቅጂውን። እዚያ ላይ ፊደሎቹን ተመልከቱ፤ የ«ሺ» ጭራ፣ ከመስመር የወጣ ቃል፣ የተሰረዘ አኃዝ በሁለቱም ላይ አንድ ቦታ ይገኛሉ። ኪው አር ኮድ ያለው ደረሰኝ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን በስልክ አንብቡ፤ የሚወጣው ጽሑፍ አንድ ከሆነ ደረሰኙ አንድ ነው።

ይሄ የማይይዘው

ድርብ የመጣ ሁሉ ስህተት አይደለም። በአንድ ደረሰኝ ግማሹ ሲጫን፣ ግማሹ ሲራገፍ የሚከፈል አለ። ለዚያ መዝገቡ ላይ «እስካሁን የተከፈለ» የሚል ረድፍ ጨምሩ፤ ድምሩ ከደረሰኙ እስካልበለጠ ችግር የለውም።

ከባዱ ግን አንድ ጭነት በሁለት እውነተኛ ደረሰኝ ሲመጣ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በቻይና ቺንግዳዎ ወደብ የሆነው እንዲህ ያለ ነበር፤ አንድ የብረታ ብረት ክምችት በተለያየ የመጋዘን ወረቀት ለብዙ ባንኮች መያዣ ሆኖ ተገኘ። ወረቀቱን ብቻ ብታወዳድሩት ድርብ አታገኙም፣ ምክንያቱም የተደገመው ዕቃው ነው። ለኛ መፍትሔው ቀላል ነው። በየመስመሩ የመኪናውን ታርጋ፣ የተጫነበትን ቀን በአንድ አቆጣጠርና የሚዛን ወረቀቱን ቁጥር ጻፉ። አንድ ታርጋ በአንድ ቀን ከውጫሌ ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ሊወጣ አይችልም።

እኔ ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ለምጃለሁ። ፎቶ ሳስተላልፍ ከሥሩ ቲኑን፣ ቁጥሩን፣ ታርጋውንና ጠቅላላ ብሩን በራሴ እጅ እጽፋለሁ። ከተከፈለ በኋላ ዋናው ወረቀት ሲደርስ «ተከፍሏል» ብላችሁ ቀኑንና የባንኩን የዝውውር ቁጥር በላዩ ላይ ጻፉበት፤ ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ፎቶ ቢነሳ ጽሑፉ አብሮት ይወጣል። ቅጂው ባለመኪናው እጅ ስለሚቀር ግን መዝገቡን አትተዉት።

ከቅርቡ ድርብ የመሰላችሁ ደረሰኝ ካለ ስምና ቲኑን ሸፍናችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን። የማታ ዋጋ ላይ እንገናኝ።