የዓባይ በረሃ ቁርጦች ምን ይናገራሉ?

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወንዝ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው መንገድ ከደጋው አፋፍ እስከ ድልድዩ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። መንገዱን ለማሳለፍ ተራራው በተቆረጠበት ቦታ ሁሉ አፈርና ሣር ሸፍኖት የኖረው የምድር ውስጥ ተገልጦ ይታያል። ከላይ እስከ ታች እየተወረደ እነዚህ ቁርጦች አንድ በአንድ ፎቶ ቢነሡና ፎቶዎቹ በቅደም ተከተል ቢደረደሩ፣ ያ ምድር ወንዞች የሚያልፉበት ሜዳ፣ ከዚያም ባሕር፣ በኋላም የእሳተ ገሞራ አገር እንደነበር ማንበብ ይቻላል።

የንባቡ መነሻ ቀላል ነው። አሸዋም ሆነ ጭቃ ወይም የቀለጠ ዐለት ሊነጠፍ የሚችለው ቀድሞ በነበረ ነገር ላይ ስለሆነ፣ ምድሩ ካልተገለበጠ በስተቀር ከታች ያለው ንብርብር ከላይ ካለው ይቀድማል። በዓባይ ሸለቆ ንብርብሮቹ በአብዛኛው ጋደም እንዳሉ ስለቆዩ ይህ ሕግ እዚያ በደንብ ይሠራል። ቁልቁል የሚወርድ ሰው ወደ ኋላ፣ ወደ ጥንቱ ዘመን እየሄደ ነው ማለት ነው።

በአፋፉ አካባቢና በደጋው ላይ ባሉ ቁርጦች ብዙ ጊዜ የሚታየውን ቀረብ ብሎ መመልከት ይጠቅማል። ከሁሉ በላይ ያለው ገበሬው የሚያርሰው አፈር ነው። ውሃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ከሆነ ጥቁር ዋልካ ሲሆን፣ በበጋ የተነሣ ፎቶ ከገጹ ወደ ታች የሚሰነጠቁትን ስንጥቆች ያሳያል። ውሃ በሚወርድበት ተዳፋት ላይ ደግሞ አፈሩ ወደ ቀይ ያደላል። ሁለቱም ከአንድ ዓይነት ድንጋይ ሊወጡ ይችላሉ፤ ልዩነቱን የሚያመጣው በአብዛኛው ውሃው መተኛቱ ወይም መውረዱ ነው።

ከአፈሩ በታች በእጅ የሚፈረፈር፣ ቡናማና ቢጫማ የበሰበሰ ዐለት ይመጣል። በውስጡ ድቡልቡል ድንጋዮች ይታያሉ፤ ዙሪያቸው እንደ ሽንኩርት በልጣጭ ላይ ልጣጭ እየሆነ ይነሣል። እነዚህ ከሌላ ቦታ ተንከባለው የመጡ አይደሉም። ዐለቱ ሲቀዘቅዝ በተፈጠሩት ስንጥቆች የገባው የዝናብ ውሃ ከጠርዝ ወደ መሐል እየበላው ሲሄድ ሳይበሰብስ የቀረ እምብርታቸው ነው። ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ብስባሹ እየቀነሰ ጠንካራው ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት ይገኛል። ከአፈር ወደ ብስባሽ፣ ከብስባሽ ወደ ዐለት የሚደረገው ሽግግር ቀስ በቀስ መሆኑ አፈሩ እዚያው በቦታው ከዚያው ዐለት መወለዱን ያመለክታል።

ባዛልቱ በአንድ ጊዜ የፈሰሰ አይደለም። በብዙ ቁርጦች በሁለት የባዛልት ንብርብሮች መካከል እንደ መቀነት የተዘረጋ ቀይ መስመር ይታያል። የመስመሩ የታችኛው ጠርዝ ወደ በሰበሰ ባዛልት ቀስ እያለ ይቀላቀላል፤ የላይኛው ጠርዝ ግን በቢላ የተቆረጠ ያህል ስል ነው። ይህ ልዩነት ቀዩ መስመር ጥንታዊ አፈር መሆኑን ይነግራል። የታችኛው ባዛልት ፈስሶ ከቀዘቀዘ በኋላ ለረጅም ዘመን ዝናብና አየር ሲያገኘው ገጹ ወደ አፈርነት ተለወጠ። ከዚያ ሌላ የቀለጠ ዐለት መጥቶ ሸፈነው፤ ሙቀቱም የአፈሩን ገጽ ጠብሶ ቅላቱን አጠነከረው። ስለዚህ አንድ ቀይ መቀነት የእሳተ ገሞራውን ዕረፍት ያመለክታል። መቀነቱ በወፈረ መጠን ዕረፍቱም ረዝሞ እንደነበር መገመት ይቻላል፤ ነገር ግን ቀጣዩ ፍሰት ወይም ጎርፍ የአፈሩን ከፊል ጠርጎት ሊሆን ስለሚችል ግምቱ ፍጹም አይደለም።

ከባዛልቱ በታች መልኩ ፈጽሞ ይለወጣል። መጀመሪያ የሚመጣው ወንዞች ያነጠፉት የአሸዋ ድንጋይና ቀይ ጭቃ አዘል ዐለት ነው። ቀጥሎ ገደል ሠርቶ የሚቆመው፣ ነጣ ያለና ቢጫማ የኖራ ድንጋይ ይታያል። በዚህ ድንጋይ ውስጥ የባሕር ዛጎሎች ቅሪት ይገኛል። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ዛሬ ጤፍ የሚዘራበት ደጋ ሥር ያለው ምድር በባሕር ተሸፍኖ ነበር። ከኖራ ድንጋዩ ሥር ነጭ ጂፕሰም ከአረንጓዴና ግራጫ ጭቃ ድንጋይ ጋር እየተፈራረቀ ይታያል። ጂፕሰም የሚወለደው ጥልቀት የሌለው የባሕር ውሃ በፀሐይ ሲተን ነው፤ በመሆኑም ባሕሩ መጀመሪያ ሲመጣ ረግረጋማና ሞቃት ዳርቻ እንደነበር ይመሰክራል። ወንዙ አጠገብ ደግሞ ባሕሩ ከመምጣቱ በፊት የነበረው የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል።

ከእነዚህ ንብርብሮች መካከል ከሌላው ሁሉ ብዙ ጊዜ የያዘው አንድ ስስ መስመር ነው። ባዛልቱ የላይኛውን የአሸዋ ድንጋይ የሚነካበት ቦታ በፎቶ ላይ የቀለም ለውጥ ብቻ ይመስላል። ባዛልቱ የፈሰሰው ግን ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው አሸዋ የዳይኖሰሮች ዘመን ነው። በመካከላቸው በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዓመታት አሉ። በዚያ ጊዜ ምድሩ ከፍ ብሎ ሲሸረሸር ስለኖረ የተረፈ ንብርብር የለም። ንብርብር አለመኖሩም ራሱ ታሪክ ነው፤ ምድሩ አፈር የሚቀበል ሳይሆን አፈር የሚያጣ እንደነበር ያሳያል።

ፎቶ አንባቢን የሚያሳስተው ዋናው ነገር ናዳ ነው። በሸለቆው ግድግዳ ላይ ከላይ የወረደ የድንጋይና የአፈር ክምር ብዙ ቦታ አለ፤ ሲቆረጥም ሌላ ንብርብር መስሎ ይታያል። በኖራ ድንጋይ ከፍታ ላይ ባዛልት ቢታይ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ይመስላል። መለያው ግን አለ፦ የናዳ ድንጋዮች ስለታም ጠርዝ ያላቸው፣ ትልቁና ትንሹ ያለ ሥርዓት የተቀላቀለ፣ ዓይነታቸውም የተለያየ ነው። እውነተኛ ንብርብር ግን በመንገዱ ማዶም ሆነ በቀጣዩ ቁርጥ በዚያው ከፍታ ይቀጥላል። ናዳ የሚበዛበት ምክንያትም ከዚሁ ቅደም ተከተል ይመነጫል፤ ጠንካራው ባዛልትና የኖራ ድንጋይ የተቀመጡት ውሃ ሲነካቸው በሚለሰልሱ ጭቃ አዘል ዐለቶችና በሚሟሟ ጂፕሰም ላይ ነው። በክረምት መንገዱ ሲሰነጠቅና ሲንሸራተት የሚታየውም በዚህ ሳቢያ ነው።

ፎቶ ቅደም ተከተልን እንጂ ዕድሜን አይነግርም። የባዛልቱ ዕድሜ የታወቀው በውስጡ ያለው ፖታሲየም ቀስ በቀስ ወደ አርጎን ጋዝ የተለወጠበት መጠን በቤተ ሙከራ ተለክቶ ሲሆን፣ የኖራ ድንጋዩ ደግሞ በያዛቸው ቅሪተ አካላት ነው። ስፋትም ከፎቶ የሚነበበው መለኪያ ሲኖር ብቻ ነው፤ በቁርጡ ሥር የቆመ ሰው ወይም መዶሻ ከሌለ የአንድ ክንድ ንብርብርና የአሥር ሜትር ገደል አንድ ሊመስሉ ይችላሉ።

በመጨረሻም ሸለቆው ራሱ ቦታውን ያገኛል። ዓባይ ከባዛልቱ ጀምሮ እስከ ታችኛው አሸዋ ድረስ ሁሉንም ቆርጧል፤ የተቆረጠ ነገር ደግሞ ከቆራጩ ይቀድማል። ስለዚህ ሸለቆው በመንገዱ ላይ ከሚታዩት ዐለቶች ሁሉ ያነሰ ዕድሜ አለው፤ ከእርሱ የሚያንሰው በግድግዳው ላይ የተከመረው ናዳና በገጹ ላይ ዛሬም እየተወለደ ያለው አፈር ነው።