ከፍተኛ ሲቲአር በጥቂት ኢምፕሬሽን፦ መቶኛው የሚያሳስተው ለምንድን ነው?

ሲቲአር አንድ ቪዲዮ ወይም ማስታወቂያ ለሰው ከታየባቸው ጊዜያት ውስጥ በምን ያህሉ እንደተከፈተ በመቶኛ የሚገልጽ ቁጥር ነው። የታየበት ጊዜ ብዛት ኢምፕሬሽን፣ የተከፈተበት ደግሞ ክሊክ ይባላል። ክሊኩ ለኢምፕሬሽኑ ተካፍሎ በ100 ሲባዛ ሲቲአሩ ይገኛል፤ ከ1,000 ኢምፕሬሽን 50 ክሊክ ከመጣ 5 በመቶ ነው ማለት ነው። ይሁን እንጂ መቶኛ ከየት እንደተነሳ አይናገርም። ከ5 ኢምፕሬሽን የተገኘ 1 ክሊክም፣ ከ10,000 የተገኘ 2,000 ክሊክም እኩል 20 በመቶ ተብለው ይጻፋሉ።

ነገሩ ጎልቶ የሚታየው ዩቲዩብ ላይ ነው። ዩቲዩብ አንድ ኢምፕሬሽን የሚቆጥረው የቪዲዮው ተምኔል ቢያንስ ግማሹ ስክሪኑ ላይ ወጥቶ ከአንድ ሰከንድ በላይ ሲቆይ ነው። የሚቆጠረው መታየቱ እንጂ ሰው ስላልሆነ፣ አንድ ተመልካች ያንኑ ተምኔል ሦስት ቦታ ቢያየው ሦስት ኢምፕሬሽን ይመዘገባል። ከዩቲዩብ ውጭ የሚመጣ ተመልካች ግን በዚህ ስሌት ውስጥ የለም። ሊንኩ ቴሌግራም ላይ ተለጥፎ 600 ሰው ቢከፍተው ቪዲዮው 600 ዕይታ ያገኛል፣ ኢምፕሬሽኑ ግን ከነበረበት አይነቃነቅም። ብዙ ዕይታ ያለው ቪዲዮ ጥቂት ኢምፕሬሽን ይዞ የሚገኘው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

የምግብ አሠራር የሚያሳይ አንድ ቻናል በምሳሌነት ይወሰድ። የሽሮ ቪዲዮው 25 ኢምፕሬሽንና 5 ክሊክ አለው፤ ሲቲአሩ 20 በመቶ ነው። የዶሮ ወጥ ቪዲዮው 18,000 ኢምፕሬሽንና 810 ክሊክ አለው፤ ሲቲአሩ 4.5 በመቶ ነው። መቶኛውን ብቻ ያየ ሰው የሽሮው ተምኔል ከአራት እጥፍ በላይ ይስባል ብሎ ይደመድማል፤ ከዚያም የዶሮ ወጡን ተምኔል በሽሮው ዓይነት ለመቀየር ይነሳል።

ድምዳሜው የሚፈርስበት የመጀመሪያው ምክንያት አጋጣሚ ነው። ከሽሮው ቪዲዮ አንድ ክሊክ ቢቀነስ ሲቲአሩ ወደ 16 በመቶ ይወርዳል፤ አንድ ቢጨመር 24 ይደርሳል። አንድ ሰው ጣቱ ስቶት መጫኑ ወይም ስልክ ተደውሎለት ሳይጫን መቅረቱ ብቻውን ቁጥሩን አራት ነጥብ ያንቀሳቅሰዋል። ዶሮ ወጡ ላይ አንድ ክሊክ ቢጨመር 4.5 በመቶው 4.5 እንደሆነ ይቀራል። በስታቲስቲክስ በተለመደው የ95 በመቶ መተማመኛ ሲሰላ፣ የሽሮው እውነተኛ ሲቲአር ከ9 እስከ 39 በመቶ ባለው ሰፊ ክልል ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። የዶሮ ወጡ ግን ከ4.2 እስከ 4.8 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ነው። ይህ ክልል በኢምፕሬሽኑ ልክ እኩል አይጠብም፤ ስፋቱን በግማሽ ለመቀነስ ኢምፕሬሽኑ አራት እጥፍ መሆን አለበት።

ሆኖም የሽሮው ዝቅተኛ ግምት ራሱ 9 በመቶ ስለሆነ፣ ከዶሮ ወጡ መብለጡ በአጋጣሚ ብቻ አይገለጽም። እዚህ ላይ ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ምክንያት ይመጣል፤ ይኸውም ተምኔሉ ለማን ታየ የሚለው ነው። አንድ ቪዲዮ ጥቂት ኢምፕሬሽን ብቻ ሲኖረው፣ ያዩት በአብዛኛው ቻናሉን አስቀድሞ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፦ ሰብስክራይብ ያደረጉ፣ የቻናሉን ገጽ ራሳቸው ፈልገው የገቡ፣ ዘመድ ወዳጅ። እነዚህ ተምኔሉ ምንም ቢሆን የመክፈት ዝንባሌ አላቸው። ዩቲዩብ ቪዲዮውን በዋናው ገጽ ለማያውቁት ሰዎች ማቅረብ ሲጀምር ግን ተምኔሉ ከሌሎች ብዙ ቪዲዮዎች ጎን ይሰለፋል፤ ኢምፕሬሽኑ ሲያድግ ሲቲአሩ ይወርዳል።

የዶሮ ወጡ ቪዲዮ በትራፊክ ምንጩ ሲከፋፈል ይህ በግልጽ ይታያል። ከሰብስክራይበሮች ገጽ 1,000 ኢምፕሬሽንና 110 ክሊክ መጣ እንበል፤ ይህ 11 በመቶ ነው። ከፍለጋ 2,000 ኢምፕሬሽንና 160 ክሊክ፣ ማለትም 8 በመቶ። ከዋናው ገጽ 15,000 ኢምፕሬሽንና 540 ክሊክ፣ ማለትም 3.6 በመቶ። በመጀመሪያው ቀን ሰብስክራይበሮች ብቻ ሲያዩት ሪፖርቱ 11 በመቶ ገደማ ያሳይ ነበር፤ በሳምንቱ መጨረሻ 4.5 ላይ ደረሰ። ተምኔሉ ግን ያው ነው፤ የተለወጠው ተመልካቹ ነው። ቁልቁል መውረዱን እንደ ውድቀት ቆጥሮ በሦስተኛው ቀን ተምኔሉን የቀየረ ባለቤት፣ ቪዲዮው ወደ አዲስ ሰዎች መስፋቱን ለጉድለት ወስዶታል። ከክሊኮቹ ሁለት ሦስተኛው የመጡት ዝቅተኛው ሲቲአር ከታየበት ከዋናው ገጽ መሆኑም መታየት አለበት።

ተመሳሳይ ስህተት አማካይ ሲሠራም ይከሰታል። 20 እና 4.5 ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ 12.25 በመቶ ይወጣል፤ ይህ ግን የቻናሉ ሲቲአር አይደለም። ትክክለኛው ስሌት ክሊኮቹን ሁሉ ደምሮ ለኢምፕሬሽኖቹ ድምር ማካፈል ነው፦ 815 ለ18,025፣ ይህም 4.5 በመቶ ገደማ ነው። በመጀመሪያው ስሌት 25 ኢምፕሬሽን ከ18,000 ጋር እኩል ድምፅ አግኝቷል። የቪዲዮዎች ዝርዝር በሲቲአር ቅደም ተከተል ሲደረደርም ጥቂት ኢምፕሬሽን ያላቸው ከላይም ከታችም ጫፉን ይይዛሉ፤ ቁጥራቸው በቀላሉ ስለሚወዛወዝ አንዳንዱ 20 በመቶ፣ አንዳንዱ ዜሮ ይሆናል። በዚህ ዓይነት ዝርዝር አናት ላይ ካለው ቪዲዮ ትምህርት መውሰድ ከዕድለኛው ትምህርት እንደመውሰድ ነው።

ስለዚህ ሪፖርቱ ሲነበብ ዝርዝሩ መጀመሪያ በኢምፕሬሽን ይደረደራል፤ ሲቲአሩ ከዚያ በኋላ ይታያል። ክሊካቸው ከ10 በታች የሆኑ ቪዲዮዎች መቶኛቸው ገና ትርጉም የለውም። በ1,000 ኢምፕሬሽን 5 በመቶ ያሳየ ቪዲዮ እንኳ እውነተኛ ሲቲአሩ ከ4 በመቶ በታች ወይም ከ6 በላይ ሊሆን ስለሚችል፣ 5 እና 6 በመቶ ባሳዩ ሁለት እንዲህ ዓይነት ቪዲዮዎች መካከል አሸናፊ መምረጥ አይቻልም። ማወዳደር የሚገባውም አንድ ዓይነት የትራፊክ ምንጭን ነው፤ ዋናውን ገጽ ከዋናው ገጽ፣ ፍለጋን ከፍለጋ ጋር።

ለንጽጽር ያህል፣ ዩቲዩብ ራሱ ከቻናሎችና ከቪዲዮዎች ግማሹ ሲቲአራቸው ከ2 እስከ 10 በመቶ እንደሚሆን ይገልጻል፤ ሳምንት ያልሞላቸው ወይም ከ100 ዕይታ በታች ያላቸው ቪዲዮዎች ከዚህ በሰፋ ክልል እንደሚወዛወዙም ያስጠነቅቃል። ይህ መለኪያ ለዶሮ ወጡ 4.5 በመቶ ይሠራል። ለሽሮው 20 በመቶ ግን አይሠራም፤ 25 ኢምፕሬሽን ያለው ቪዲዮ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ለማለት ገና በቂ ሰው አላየውም።