የሳምንት ኪራይ፣ የወር ክፍያ

በእንግሊዝ አገር የካውንስል ቤት የተከራየ ሰው ኪራዩ ብዙ ጊዜ የሚተመነው በሳምንት ነው። ደመወዙ ግን በወር ይገባል። ስለዚህ ብዙዎች ገንዘቡ በየወሩ ራሱ እንዲሄድ ባንካቸውን ያዛሉ፤ ስታንዲንግ ኦርደር የሚሉት ይህንን ነው። ውዝፍ ዕዳም ብዙ ጊዜ ከዚህ ይጀምራል።

ኪራዩ በሳምንት 150 ፓውንድ ነው እንበል። ተከራዩ ወር አራት ሳምንት ነው ብሎ 600 ፓውንድ በየወሩ እንዲከፈል ያዛል። በ12 ወር 7,200 ፓውንድ ከፈለ ማለት ነው። ዓመቱ ግን 52 ሳምንት ስለሆነ የሚጠበቅበት 7,800 ነው። አንድም ወር ሳያቋርጥ ከፍሎ 600 ፓውንድ ውዝፍ ይመጣበታል። ትክክለኛው የወር ክፍያ 7,800 ለ12 ተካፍሎ 650 ነው። በ600 መቀጠል የሚፈልግ ደግሞ ትዕዛዙን ከ«በየወሩ» ወደ «በየአራት ሳምንቱ» ይቀይረው፤ ያን ጊዜ በዓመት 13 ጊዜ ይከፍላል፣ ሒሳቡም ይገጥማል። ያለ ኪራይ የሚታለፉ ሳምንታት የሚሰጡ አከራዮችም ስላሉ፣ ዓመቱ ስንት የኪራይ ሳምንት እንዳለው የኪራይ ደብዳቤው ላይ ማየት ያስፈልጋል።

መነሻ ቀኑ ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም የባንክ በዓል ላይ ከዋለ ክፍያው ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይተላለፋል። ኪራይ ወር በገባ በ1 የሚጠበቅ ከሆነ ጥቂት ቀን ማስቀደም ይሻላል።

ተቀባዩ ላይ ስሙን፣ ባለ ስድስት አኃዙን ሶርት ኮድና ባለ ስምንት አኃዙን የሒሳብ ቁጥር ከደብዳቤው ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩ። የሚዘነጋው ግን የተከራይ መለያ ቁጥሩ ነው። የብዙ ሺህ ሰው ኪራይ የሚገባው አንድ ሒሳብ ውስጥ ስለሆነ፣ መለያው ከተሳሳተ ገንዘቡ ደርሶ እንኳ በሌላ ስም ሊመዘገብ ወይም ባለቤት አልባ ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል። ከመጀመሪያው ክፍያ በኋላ የኪራይ መግለጫ ቢጠይቁ ገንዘቡ በስምዎ መመዝገቡን በዓይንዎ ያያሉ።

ዳይሬክት ዴቢት ከዚህ ይለያል። መጠኑንና ቀኑን የሚወስነው ገንዘቡን የሚሰበስበው ድርጅት ነው፤ ለውጥ ሲኖርም አስቀድሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 የሥራ ቀን በፊት፣ ማሳወቅ አለበት። ደብዳቤው እንደደረሰ መጠኑን ከውሉ ጋር ማመሳከር ነው። ከተነገረው በላይ ወይም ካለቀኑ ከተወሰደ ባንኩ ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ ወዲያውኑ ይመልሳል። ለስታንዲንግ ኦርደር እንዲህ ያለ ዋስትና የለም፤ የታዘዘው እርስዎ እንዳዘዙት ሄዷልና ባንኩ ሊያደርግ የሚችለው ተቀባዩን መጠየቅ ነው።

ከስታንዲንግ ኦርደር ወደ ዳይሬክት ዴቢት የሚዛወሩ ከሆነም የድሮው ትዕዛዝ በራሱ አይቆምም። አዲሱ የሚጀምርበትን ቀን በጽሑፍ ይያዙና አሮጌውን ራስዎ ይሰርዙት፤ አለዚያ በዚያው ወር ሁለት ኪራይ ከሒሳብዎ ይወጣል።