መልሱን ሰርኪቱ ራሱ ሲመሰክር

የሰርኪት ጥያቄ ሠርቶ የጨረሰ ተማሪ መልሱ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ብዙውን ጊዜ የመጽሐፉን የመጨረሻ ገጾች ይገልጣል፤ እዚያ ካጣው ከጓደኛው ደብተር ጋር ያስተያያል። ጓደኛውም ያንኑ ስህተት ሠርቶ ከሆነ ሁለቱም ተማምነው ይሳሳታሉ። ሬዚስተሮች በሲሪየስና በፓራለል ተደባልቀው የተያያዙበት ሰርኪት ግን የሌላ ሰው ምስክርነት አያስፈልገውም። ትክክለኛ መልስ ሁለት ሚዛኖችን ይጠብቃል፤ አንዱ የከረንት፣ ሌላው የቮልቴጅ ነው። ችግሩ ብዙ ተማሪዎች ከሁለቱ አንዱን ብቻ ሞክረው መርካታቸው ነው። አንዱ ብቻ ለምን እንደማይበቃ በአንድ ሰርኪት ላይ እንየው።

12 ቮልት የሚሰጥ ባትሪ አለን። ከፖዘቲቩ ጫፍ የሚነሳው ሽቦ መጀመሪያ በአንድ ባለ 4 ኦም ሬዚስተር ያልፋል። ከዚያ ሽቦው ለሁለት ይከፈላል፤ በአንደኛው ቅርንጫፍ ላይ ባለ 6 ኦም፣ በሌላው ላይ ባለ 12 ኦም ሬዚስተር አለ። ሁለቱ ቅርንጫፎች እንደገና ይገናኙና አንድ ሽቦ ሆነው ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ይመለሳሉ። ጥያቄው በእያንዳንዱ ሬዚስተር ስንት አምፔር ያልፋል፣ በጫፎቹ መካከልስ ስንት ቮልት ይገኛል የሚል ነው።

አሠራሩ የታወቀ ነው። በፓራለል ያሉትን ሁለቱን እንደ አንድ ለመቁጠር ብዜታቸውን ለድምራቸው እናካፍላለን፤ 72 ሲካፈል ለ18፣ 4 ኦም ይሆናል። በሲሪየስ ያለው 4 ኦም ሲደመርበት ጠቅላላው 8 ኦም ነው። 12 ቮልት ለ8 ኦም ሲካፈል ከባትሪው የሚወጣው ከረንት 1.5 አምፔር ይሆናል። ይህ ከረንት በመጀመሪያው ሬዚስተር ሲያልፍ 1.5 ጊዜ 4፣ ማለትም 6 ቮልት እዚያ ይቀራል። በጥንዶቹ ላይም እንዲሁ 1.5 ጊዜ 4፣ 6 ቮልት እናገኛለን። በመጨረሻ ይህን 6 ቮልት ለየሬዚስተሩ ስናካፍለው በባለ 6 ኦሙ 1 አምፔር፣ በባለ 12 ኦሙ 0.5 አምፔር ያልፋል።

አሁን ምርመራው ይጀምራል። ሕጎቹን ያስቀመጠው ጉስታቭ ኪርሆፍ ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1845 ሲሆን እሱ ራሱ በኮኒግስበርግ ዩኒቨርሲቲ ገና የ21 ዓመት ተማሪ ነበር። የቮልቴጅን፣ የከረንትንና የሬዚስታንስን ዝምድና ጆርጅ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 አሳትሞታል። ኪርሆፍ የጨመረው ብዙ ቅርንጫፍ ባለው ሰርኪት ውስጥ ከረንቶቹና ቮልቴጆቹ እንዴት እንደሚተሳሰሩ ነው።

የመጀመሪያው ሕግ ስለ መገናኛ ነጥብ ነው፤ ወደ አንድ መገናኛ የገባው ከረንት ሁሉ ከዚያው መውጣት አለበት። ቻርጅ በሽቦ መገናኛ ላይ አይጠራቀምም፣ ከዚያም አይፈጠርም። በእኛ ሰርኪት 1.5 አምፔር ወደ መክፈያው ይገባል፣ 1 እና 0.5 ይወጣሉ፤ ልክ ነው። ሁለተኛው ሕግ ስለ ዙር ነው። ከባትሪው የሚነሳውን ቻርጅ ስንቅ እንደያዘ መንገደኛ ብናየው፣ 12 ቮልት ይዞ ይወጣል፤ በየሬዚስተሩ የሚከፍለው ተደምሮ ባትሪው ጋ ሲመለስ ስንቁ በትክክል ማለቅ አለበት። 6 በመጀመሪያው፣ 6 በቅርንጫፉ፣ በድምሩ 12። በየትኛውም ቅርንጫፍ ቢሄድ ሂሳቡ ያው ነው። ስለዚህ መልሳችን በሁለቱም ሚዛን አለፈ።

ትክክለኛ መልስ ማለፉ አያስደንቅም፤ የሚያስተምረው የተሳሳተ መልስ የት ላይ እንደሚያዝ ማየት ነው።

በፓራለል ስሌት በብዛት የሚታየው ስህተት መጨረሻ ላይ መገልበጥን መርሳት ነው። ተማሪው አንድ ስድስተኛንና አንድ አሥራ ሁለተኛን ደምሮ 0.25 ያገኛል። ይህን ገልብጦ 4 ኦም ማለት ሲገባው 0.25 ኦም ብሎ ይቀጥላል። ጠቅላላው 4.25 ኦም፣ ከባትሪው የሚወጣው ከረንት 2.82 አምፔር ይሆንበታል። በመጀመሪያው ሬዚስተር ላይ ወደ 11.3 ቮልት፣ በጥንዶቹ ላይ 0.7 ቮልት ያገኛል። ሁለቱን ሲደምር 12 ቮልት! ቮልቴጁ ሚዛን ስለጠበቀ ተደስቶ ደብተሩን ሊዘጋ ይችላል።

ያ ሚዛን ግን ምንም አልመሰከረለትም። ከረንቱን ያገኘው 12ን ለራሱ ጠቅላላ ሬዚስታንስ አካፍሎ ነው፤ ቮልቴጆቹን ያገኘው ደግሞ ያንኑ ከረንት በዚያው ጠቅላላ ሬዚስታንስ ክፍሎች አባዝቶ ነው። ያካፈለውን መልሶ ስላበዛው 12 መምጣቱ የግድ ነበር፤ ከ0.25 ይልቅ 18 ወይም 100 ብሎ ቢጽፍም ድምሩ 12 ይሆንለት ነበር። ስህተቱን የሚያጋልጠው የከረንቱ ሚዛን ነው። 0.7 ቮልትን ለ6 ሲያካፍል ወደ 0.12 አምፔር፣ ለ12 ሲያካፍል ወደ 0.06 አምፔር ያገኛል። ድምሩ 0.18 ነው፤ ወደ መገናኛው ገባ ያለው ግን 2.82 ነበር። የሁለቱ ልዩነት ከአሥራ አምስት እጥፍ ይበልጣል፤ የቁጥር ማጠጋጋት ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። (ልምድ ያለው ዓይን ይህን ቀድሞም ያየዋል። ሁለት ሬዚስተሮች በፓራለል ሲሆኑ ውጤቱ ከትንሹ ያነሰ፣ ከትንሹ ግማሽ ግን የማያንስ መሆን አለበት፤ እዚህ ከ3 እስከ 6 ኦም መካከል ማለት ነው። 0.25 ከዚያ በጣም የራቀ ነው።)

ሌላው ስህተት በተቃራኒው በከረንቱ ሚዛን በኩል ሾልኮ ያልፋል። ተማሪው 1.5 አምፔርን በትክክል አግኝቶ ለቅርንጫፎቹ ሲያካፍል፣ ለትልቁ ሬዚስተር ትልቁን ድርሻ ይሰጣል፤ ለባለ 12 ኦሙ 1 አምፔር፣ ለባለ 6 ኦሙ 0.5። ድምሩ 1.5 ስለሆነ መገናኛው ቅሬታ የለውም። ነገር ግን 0.5 ጊዜ 6 የሚሰጠው 3 ቮልት ነው፤ 1 ጊዜ 12 ደግሞ 12 ቮልት። ሁለቱ ቅርንጫፎች የሚነሱትም የሚያርፉትም በአንድ ነጥብ ስለሆነ ቮልቴጃቸው እኩል መሆን አለበት። ባትሪው የሌለበትን ትንሹን የውስጥ ዙር፣ በአንዱ ቅርንጫፍ ሄዶ በሌላው የሚመለሰውን የሚመረምር ሰው ይህን ወዲያው ይይዛል። ይህ ዙር በተማሪዎች ዘንድ በጣም የሚረሳው ነው።

ከዚህ አንድ ጥብቅ ደንብ ይወጣል። መመርመሪያው መልሱ በተገኘበት መንገድ ተመልሶ መሄድ የለበትም። የአንዱን ቅርንጫፍ ከረንት ከ1.5 ላይ 1 ቀንሶ ያገኘ ሰው፣ መልሶ 1 እና 0.5 ደምሮ 1.5 ሆነልኝ ቢል ያረጋገጠው መቀነስ መቻሉን ብቻ ነው። ትክክለኛው አካሄድ ወደ መጀመሪያው ሥዕል መመለስ ነው። የተጠቃለለውን 4 ኦም እና 8 ኦም ትቶ፣ ጥያቄው ላይ የተሳሉትን ሦስቱን ሬዚስተሮች ብቻ ይዞ የየራሳቸውን ከረንት ከየራሳቸው ኦም ጋር ማባዛት፣ ከዚያ የሚገኙትን ቮልቴጆች በትልቁም በትንሹም ዙር መደመር፣ በመጨረሻ ከረንቶቹን በመገናኛው ላይ መደመር ያስፈልጋል።

በዚህ አካሄድ ያለፈ መልስ ሙሉ በሙሉ የታመነ ነው። ባትሪና ሬዚስተር ብቻ ባለበት እንዲህ ባለ ሰርኪት የኦምን ሕግና ሁለቱን የኪርሆፍ ሕጎች በአንድ ላይ የሚያሟላ መልስ አንድ ብቻ ነው፤ በአጋጣሚ ሚዛን የሚጠብቅ ሌላ መልስ የለም። በመጨረሻዎቹ አኃዞች ላይ ትንሽ ልዩነት ቢታይ ግን ሊያስደነግጥ አይገባም። የመጀመሪያው ሬዚስተር 5 ኦም ቢሆን ከረንቱ 1.333 እያለ ይቀጥላል፤ 1.33 ብሎ የቆረጠው ሰው ቮልቴጆቹን ሲደምር 11.97 ያገኛል። የጎደለው 0.03 ከማጠጋጋት የመጣ ነው፤ ተጨማሪ አኃዝ ይዞ ሲሠራ ይጠፋል።

ሚዛኑ የማይዘው ነገርም አለ። ጥያቄው ላይ 12 ኦም የተጻፈውን ደብተሩ ላይ 21 ብሎ የገለበጠ ተማሪ፣ ወይም በፓራለል የተሳለውን በሲሪየስ ያነበበ፣ ሁሉም ነገር እኩል ይሆንለታል። የመረመረው ሌላ ሰርኪት ነውና፤ ለዚያ ሰርኪት መልሱ ልክ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው እይታ ወደ ጥያቄው ሥዕል እንጂ ወደ ራስ ደብተር መሆን የለበትም።

ይህንኑ ሰርኪት ጠረጴዛ ላይ ሠርቶ በቴስተር ማየት ለሚፈልግ አንድ ማሳሰቢያ አለ። በኦም ደረጃ ከተሠራ የመጀመሪያው ሬዚስተር ብቻውን 9 ዋት ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ በየሱቁ የሚገኘው ትንሹ ባለ ሩብ ዋት ሬዚስተር ወዲያው ይቃጠላል። ሁሉንም ወደ ኪሎ ኦም ማሳደግ ይሻላል። ባለ 4 ኪሎ ኦም ከጠፋ ሁለት ባለ 2 ኪሎ ኦም፣ ለ6ቱም ሁለት ባለ 3 ኪሎ ኦም በሲሪየስ ይቀጠላሉ። ቮልቴጆቹ ያው 6 እና 6 ሆነው ይቀራሉ፣ ከረንቶቹ ግን ወደ ሚሊ አምፔር ይወርዳሉ። ቮልት ሲለካ የቴስተሩ ሁለት ጫፎች በሬዚስተሩ ሁለት ጫፎች ላይ ያርፋሉ፤ አምፔር ሲለካ ግን ሽቦው ተቆርጦ ቴስተሩ መሀል መግባት አለበት። በአምፔር ላይ እንዳለ በባትሪው ላይ ቢያርፍ ፊውዙ ይሄዳል።

ወርቃማ ቀለበት ያለው ሬዚስተር ከተጻፈበት ዋጋ እስከ 5 በመቶ ሊያንስ ወይም ሊበልጥ ስለሚችል ቴስተሩ በትክክል 6 አያሳይም፤ 5.8 ወይም 6.2 ሊል ይችላል። ሚዛኑ ግን ሬዚስተሮቹ ከተጻፈባቸው ዋጋ ቢርቁም ይጸናል፤ ባትሪው 11.8 ካሳየ ክፍሎቹም ተደምረው ከቴስተሩ አነስተኛ የንባብ ስህተት በስተቀር 11.8 ይሰጣሉ። ስለዚህ ባትሪው 12 እያሳየ ሬዚስተሮቹ 5.7 እና 5.7 ብቻ ቢያሳዩ፣ የጎደለው 0.6 ቮልት እናንተ ያልለካችሁት ቦታ ላይ አለ ማለት ነው። የቴስተሩን ጫፎች በየመጋጠሚያው ግራና ቀኝ እያሳረፋችሁ ፈልጉ፤ የላላው ወይም የዛገው መጋጠሚያ 0.6 ያሳያችኋል።