ሜካፑ ነው ወይስ ፎቶው?

የሙሽራ ፎቶ ይላክና «ሜካፑን እስቲ እይልኝ» ይባላል። የተመልካች ዓይን ቶሎ የሚያርፈው ከንፈርና ቅንድብ ላይ ነው። ልምድ ያላት ሜካፕ አርቲስት ግን መጀመሪያ ቀሚሱን ታያለች። ፎቶው ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ቀለሙ አስቀድሞ የሚታወቀው እሱ ነው። ነጩ ቀሚስ ነጭ ሆኖ ካልወጣ ፊቷ ላይ የሚታየውም ቀለም በትክክል አልወጣም ማለት ነው።

የአዳራሽ አምፖል ብዙውን ጊዜ 3000 ኬልቪን አካባቢ፣ ቢጫነት ያለው ብርሃን ነው። የቀትር ፀሐይ ደግሞ ወደ 5500 ይጠጋል። ካሜራው ልዩነቱን በግምት ያስተካክላል፣ አንዳንዴም ይስታል። ቀሚሱ ወይም ነጠላው ወደ ቢጫ ካደላ፣ ፋውንዴሽኑ ብርቱካናማ መስሎ የታየው በአምፖሉ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ወደ ሰማያዊ ካደላ ደግሞ የጉንጩ ቀለም ደብዝዞ ይታያል። ሙሽሮች በሚወዱት መናፈሻ ሌላ ጣጣ አለ፦ ብርሃኑ ከሣሩ ላይ ነጥሮ ከታች ወደ ላይ ስለሚመጣ አገጭ ሥርና አንገት ላይ አረንጓዴ ያለብሳል። ቦታው ፋውንዴሽን የሚመዘንበት ስለሆነ አርቲስቷ ያለጥፋቷ ትወቀሳለች።

ብርሃኑ ከታወቀ በኋላ ወደ መንጋጋው ነው። ፋውንዴሽኑ የሚያልቀው እዚያ ነው። ፊት ፀሐይ ሲመታው ይውላል፣ አንገት ግን በመንጋጋው ጥላ ሥር ነው፤ ስለዚህ የሁለቱ ቀለም ብዙ ጊዜ አይገጥምም። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ግንባርና የአፍ ዙሪያ ከጉንጭ ጠቆር ማለታቸው የተለመደ ነው። በጉንጭ ብቻ የተመረጠ ፋውንዴሽን ይነጣል፣ በእጅ ጀርባ የተመረጠ ደግሞ ከፊት ጋር ምንም ላይገናኝ ይችላል። ደህናው ዘዴ ሦስት ተቀራራቢ ቀለሞችን ከታችኛው ጉንጭ እስከ አንገት ጎን ለጎን ማስመር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል መጠበቅና መስኮት ዳር ቆሞ ማየት ነው። ጥበቃው ያስፈለገው አንዳንድ ፋውንዴሽን ከቆዳ ወዝ ጋር ሲገናኝ ስለሚጠቁር ነው። ከሦስቱ የሚመረጠው ቆዳው ላይ የማይለየው ነው።

ትክክለኛውን ማግኘት ለጥቁር ቆዳ ያስቸገረው በአመራረጥ ብቻ አልነበረም። የኮዳክ ፊልም ቀለም ለረጅም ዘመን ሲመዘን የኖረው «ሸርሊ» በሚባለው፣ የነጭ ሴት ፎቶ ባለበት ካርድ ነው። ሱማሌያዊቷ ሞዴል ኢማን በ1994 እ.ኤ.አ. የራሷን መዋቢያ ስታወጣ፣ ሪሃና በ2017 ፌንቲን በ40 የፋውንዴሽን ቀለም ስትጀምር ያን ያህል የተወራውም ለዚህ ነው። ምርጫው መብዛቱ ግን መንጋጋውን ከማየት አያድንም።

ፎቶ ላይ መንጋጋ ሥር ጠቆር ያለ መስመር ሲታይ ወዲያው «ፋውንዴሽኑ አልገጠመም» ማለት ችኮላ ነው። የተፈጥሮ ጥላ አጥንቱን ተከትሎ ቀስ እያለ ይሳሳል፣ ብርሃን በሚመታው ወገን ደግሞ ይጠፋል። የፋውንዴሽን ድንበር ግን በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ነው። ጥላ በማይደርስበት፣ ከጆሮ ፊት ለፊት ባለው ቦታም ይታያል። ጆሮ ብዙ ጊዜ ሳይቀባ ስለሚቀር ከጎኑ ካለው ጉንጭ ጋር ማነጻጸር ጥሩ ማስረጃ ይሰጣል።

አንድ ፎቶ ይዘን እንሂድ። ሙሽራዋ ማታ አዳራሽ በር ላይ በፍላሽ ተነስታለች። ቆዳዋ ጠይም ነው፣ ፊቷ ግን አመድ የነሰነሱበት ይመስላል። ሁሉም «ፋውንዴሽኗ ነጥቷል» ብለዋል። ቀሚሱ ነጭ ስለሆነ የቀለም ሚዛኑ ደህና ነው። ቀጥሎ የሚጠየቀው ንጣቱ የት የት እንዳለ ነው። ጠጋ ብለን ስናይ የበዛው ዓይን ሥር፣ አፍንጫ ላይና ግንባር መሐል ነው፤ ጆሮዋ አጠገብ ያለው ጉንጭ ግን ከጆሮዋ ጋር ይመሳሰላል። ንጣቱ የበዛባቸው ቦታዎች ፓውደር በብዛት የሚነሰነስባቸው ናቸው። ሲሊካ የበዛበት ፓውደር በዓይን ሲታይ ቀለም የለውም፣ ፍላሽ ሲበራበት ግን ብርሃኑን ወደ ካሜራው ይመልሳል። ታይታኒየም ዳይኦክሳይድና ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት የፀሐይ መከላከያም እንዲሁ ያደርጋል። ማረጋገጫው በዚያው ቀን ያለ ፍላሽ የተነሳ ፎቶ ነው። መስኮት ዳር የተነሳችው ሲወጣ አመዱ የለም። ንጣቱ እስከ ጆሮ ድረስ እኩል ቢሆንና ያለ ፍላሽም ቢታይ ኖሮ ጥፋቱ የፋውንዴሽኑ ይሆን ነበር።

ያም ሆኖ መስኮት ዳር የተነሳው ፎቶም ከነቀፋ አያመልጥም። ፊቷ ወደ ሮዝ፣ አንገቷ ወደ ወርቃማ ያደላል። እዚህ ላይ ቀላል ፈተና አለ፦ ፎቶውን በስልክ ጥቁርና ነጭ ማድረግ። ድንበሩ ከጠፋ የፋውንዴሽኑ ጥቁረትና ንጣት ልክ ነው፣ የሳተው የሥር ቀለሙ ነው። ካልጠፋ ግን ፋውንዴሽኑ ራሱ ጠቁሯል ወይም ነጥቷል። የእሷ ላይ ጠፋ። ስለዚህ ጠቆር ያለ ፋውንዴሽን መግዛት አያስፈልግም፣ ባለው ላይ ወርቃማ ጠብታ መቀላቀል ይበቃል። አንገት ድረስ አውርዶ መቀባትም ያስኬዳል፣ እኔ ግን በነጭ ቀሚስ አልመክረውም፤ የአንገቱ ጌጥና የቀሚሱ ጠርዝ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚመስሉ ሙሽሮች ያውቁታል።

የቀለሞች መዋሃድ የሚመዘነው ጠርዝ ጠርዙን በማየት ነው፦ የጉንጩ ቀለም ላይኛው ድንበር፣ ከጉንጭ አጥንት ሥር ያለው ኮንቱር፣ አይሻዶው ወደ ቅንድብ የሚደበዝዝበት ቦታ፣ ዓይን ሥር ያለው ኮንሲለር፣ የፀጉር መነሻ። መጀመሪያ ፎቶው ትንሽ እንደሆነ ይታይ። በዚያ መጠን ጎልቶ የሚወጣ ጠርዝ እውነተኛ ጥፋት ነው። እጅግ አቅርቦ እያዩ የቆዳን ቀዳዳ መቁጠር ግን ሜካፕ መገምገም አይደለም።

ማስዋቢያ ማጣሪያ የገባበት ፎቶ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የቅንድብ ፀጉሮች ተጣብቀው የተሳሉ ከመሰሉ፣ ግንባር ላይ ያሉት ጭራሮ ፀጉሮች ከጠፉ፣ የጉንጩ ቀለም የተዋሃደው በብሩሽ ይሁን በሶፍትዌር ማወቅ አይቻልም። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከም ይጨመቃል፣ ዝርዝሩ ይጠፋል፤ እንደ ፋይል ማስላክ ይሻላል።

የቀለሞች መጣጣም ላይ ክርክር አያልቅም። እኔ የማየው የከንፈሩና የጉንጩ ቀይ የአንድ ቤተሰብ መሆናቸውን ነው። ጡብ መሳይ ሊፒስቲክ ከቀዝቃዛ ሮዝ ጉንጭ ጋር ሲሆን ሁለቱም ለየብቻ ቆንጆ ሆነው ፊቷ ላይ ይጣላሉ። ፍላሽ የጉንጭን ቀለም ስለሚበላ ለፎቶ የሚቀባው ለዓይን ከሚበቃው ትንሽ በርከት ይላል፣ ስለዚህ በአካል ደማቅ የመሰለች ሙሽራ ፎቶ ላይ ልክ ልትሆን ትችላለች። በመልስ ቀን ጥቁር ካባ ሲለበስ ደግሞ ያው ሜካፕ ሌላ ይመስላል። ነጭ ቀሚስ ሲበዛ ካሜራው ሥዕሉን ያጨልማል፣ ጥቁር ካባ ሲበዛ ያነጣል። ትናንት ልክ የነበረው የጉንጭ ቀለም የዛሬው ፎቶ ላይ የሳሳ የሚመስለውም አንዳንዴ ለዚህ ነው፤ የፎቶው ብርሃን ቀነስ ተደርጎ እንደገና ሳይታይ ብሩሽ አይነሳም።