ቁጥሩ ተራ አይደለም
በልብስ ማጠቢያ ማሽን መመሪያ ሥዕል ላይ የሚታዩት ደቃቅ ቁጥሮች ብዙውን ጊዜ የክፍሎቹ መለያ እንጂ የሥራው ቅደም ተከተል አይደሉም። ተርጓሚው መጀመሪያ ሥዕሉን በስልክ ፎቶ አንሥቶ ያጎላዋል፤ ከየቁጥሩ የሚወጣው መስመር የት እንደሚያርፍም እስከ ጫፉ ይከተላል።

ለምሳሌ 1 የውሃ ቱቦ፣ 2 የኤሌክትሪክ ገመድ፣ 3 የማጓጓዣ ብሎን፣ 4 የፕላስቲክ መክደኛ ቢሆን፣ ሥራው የሚጀምረው ከ3 ነው። እነዚህ ብሎኖች ማሽኑ ሲጓጓዝ ከበሮው እንዳይንገላታ አጥብቀው ይይዙታል። ሳይፈቱ ከቀሩ ማሽኑ ልብስ ሲጨምቅ በኃይል ይንቀጠቀጣል፤ ሊበላሽም ይችላል።

ትርጉሙ እንዲህ ይሆናል፦ «በማሽኑ ጀርባ ያሉትን ብሎኖች (3) በመፍቻ ወደ ግራ አዙረው ያላሉ። ስበው ያውጧቸው። ቀዳዳዎቹን በመክደኛዎቹ (4) ይድፈኑ። ቱቦውን (1) ከቧንቧው ጋር ያገናኙ። በመጨረሻ ገመዱን (2) ይሰኩ።» «ወደ ግራ» የሚለው በሥዕሉ ላይ በቃል አልተጻፈም፤ የተገኘው ከተጠማዘዘችው ትንሽ ቀስት ነው። እንዲህ ያለውን ዝም ያለ ምልክት መዝለል የተለመደ ስሕተት ነው። ቁጥሮቹ በቅንፍ የሚቀሩት አንባቢው ከሥዕሉ ጋር እንዲያመሳክር ነው።

ብሎኖቹ ማሽኑ ወደ ሌላ ቤት ሲዛወር ተመልሰው ስለሚታሰሩ፣ «አይጣሉ» የሚል ማሳሰቢያ ከሁለተኛው ትእዛዝ ቀጥሎ ይገባል።